ቋሚ ወለድ ወይስ ተለዋዋጭ? ባንኩ ወለዱን ሲቀይር የወር ክፍያዎ ምን ይሆናል?

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ የቤት ብድር ልትፈርም ስትል አብሬያት ባንክ ሄድኩ። ውሉ 11 ገጽ ነበር። የብድር ኦፊሰሩ «ወለዱ 15 በመቶ ነው» አላት። እሷም በቃ 15 በመቶ ነው ብላ ብዕሩን አነሳች። እኔ ገጹን ሳገላብጥ ሰባተኛው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ባንኩ የወለድ መጣኔውን በማንኛውም ጊዜ ማሻሻል እንደሚችል፣ ተበዳሪዋም ይህን አስቀድማ እንደተቀበለች ትናገራለች። «ይቺ ምን ማለት ናት?» አልኩት። «እሷ እንኳ የተለመደች ናት» አለን።

እውነቱን ነው፤ የተለመደች ናት። ግን ያቺ ዓረፍተ ነገር ያለችበት ብድር፣ በቃል ምንም ቢባል፣ ተለዋዋጭ ወለድ ነው። ብዙ ሰው ቋሚ ወለድ የወሰደ እየመሰለው ተለዋዋጭ ይፈርማል። ልዩነቱ የሚገባው ደብዳቤ ሲደርሰው ነው። ይህን የጻፍኩት ከደብዳቤው በፊት እንዲያሰሉት ነው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

ቋሚ ወለድ ማለት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወር መጣኔው የማይነካ ነው። 17 ብለው ከተፈራረሙ ገበያው 25 ቢገባም 17 ነው፤ 10 ቢወርድም 17 ነው።

ተለዋዋጭ ወለድ ደግሞ በውሉ ዘመን ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። እኛ አገር ለውጡን የሚወስነው በአብዛኛው ባንኩ ራሱ ነው። ብሔራዊ ባንክ ለቁጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ያስቀምጣል፤ የብድሩን ወለድ ግን ባንኮች በየራሳቸው ይወስናሉ። ሁለቱ መነካካታቸው አይቀርም። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድ ወለል ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል ባንኮች ለአስቀማጭ የሚከፍሉት ጨመረ። እንዲህ ያለ ወጪ ዞሮ ዞሮ ወደ ተበዳሪው ይሄዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የገበያውን ወለድ የሚመራበት የፖሊሲ ወለድ የሚባል ማስቀመጥ ጀምሯል፤ መነሻው 15 በመቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ የሚበደር ሰው ይህን ቁጥር በዜና ሲሰማ ጆሮውን ሊሰጠው ይገባል።

ሦስተኛው ቃል «ፍላት» ነው። ይሄ ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ «ቋሚ» እየተባለ ይሸጣል። ፍላት ሲባል ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በተበደሩት ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። 200,000 ብር ለ1 ዓመት በ15 በመቶ ፍላት ቢወስዱ ወለዱ 30,000 ብር ነው። በየወሩ ዋናውን እየመለሱ ቢሆንም ወለዱ አይቀንስልዎትም። በቀሪ ዕዳ ቢሰላ ይሄው ክፍያ ከ26 በመቶ በላይ ወለድ ነው። ስለዚህ «ቋሚ ነው» ሲባሉ አንድ ጥያቄ ያስከትሉ፦ «በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በሙሉው?»

በምን መስፈርት እንመዝናቸው?

እኔ አራት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ክፍያው ቢጨምር ደመወዝዎ ምን ያህል ይችላል? ሁለተኛ፣ ብድሩ ስንት ዓመት ይቆያል? ሦስተኛ፣ ወለዱን ማን ይቀይራል፣ በምን ላይ ተመሥርቶ ነው፣ ጣሪያስ አለው ወይ? አራተኛ፣ ገንዘብ ቢያገኙ ቀድመው ለመክፈል ቅጣት አለ ወይ?

«ወለዱ ወደፊት ይወጣል ወይስ ይወርዳል?» የሚለውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። እሱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ኦፊሰሩም አያውቅም።

ስሌቱን እንየው

2,000,000 ብር፣ ለ15 ዓመት፣ ማለትም 180 ወር እንበል። ሁለት ምርጫ ቀረበልዎት፦ ቋሚ በ17 በመቶ፣ ተለዋዋጭ በ15 በመቶ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የመረጥኳቸው ናቸው። ቋሚው መወደዱ ግን ልማድ ነው፤ ወለዱ የመውጣቱን ስጋት ባንኩ ሲሸከምልዎት ዋጋ ይጠይቃል።

በቋሚው ወርሃዊ ክፍያው 30,780 ብር ነው። በተለዋዋጩ 27,992 ብር። በወር የ2,788 ብር ልዩነት አለ። ሰው ተለዋዋጩን የሚመርጠው እዚህች ጋ ነው።

አሁን 3 ዓመት በተለዋዋጩ ከፈሉ እንበል። ከኪስዎ የወጣው ወደ 1,007,700 ብር ነው። ቀሪው ዕዳ ስንት ይመስልዎታል? 1,865,026 ብር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ከፍለው ዋናው የቀነሰው በ135,000 ብር ገደማ ብቻ ነው። በረጅም ብድር መጀመሪያ ላይ የሚከፍሉት በሙሉ ለማለት ይቻላል ወለድ ነው። የወለድ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፉኛ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያረፈው ገና ባልተነካ ዕዳ ላይ ነው።

ልክ በ4ኛው ዓመት መጀመሪያ ወለዱ ከ15 ወደ 18 ገባ። ቀሪው 144 ወር ነው። አዲሱ ክፍያ 31,689 ብር ይሆናል። በወር የ3,697 ብር ጭማሪ ነው፤ ከመቶ 13 ገደማ። ቋሚውን ወስደው ቢሆን ኖሮ ከሚከፍሉት አሁን በ909 ብር በልጧል።

ታዲያ ተለዋዋጩ ከሰረ ማለት ነው? ገና አልከሰረም። በ3 ዓመት ውስጥ ከቋሚው ሲነጻጸር 100,000 ብር ገደማ ተርፎታል። በወር 909 ብር እየተቆረሰ ያንን ለመጨረስ 110 ወር፣ ማለትም ከ9 ዓመት በላይ ይወስዳል።

ጭማሪው የመጣው ገና በ2ኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ቢሆንስ? ያኔ ክፍያው 32,050 ብር ይገባል። የተረፈው የአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ በ26 ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ኪሳራ ነው። በተቃራኒው በ11ኛው ዓመት ቢመጣ ክፍያው 29,878 ብር ነው። ከቋሚው እንኳ አይደርስም። አንድ ዓይነት ጭማሪ፣ ሦስት የተለያየ ውጤት። ወለዱ ይጨምር ይሆን ከሚለው ይልቅ መቼ ይጨምር ይሆን የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል።

የብድሩ ዕድሜም እንዲሁ ነው። 1,000,000 ብር ለ3 ዓመት በ15 በመቶ ቢወስዱ ክፍያው 34,665 ብር ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ 18 ቢገባ 35,693 ይሆናል። ጭማሪው 3 በመቶ ብቻ ነው። ለመኪና ወይም ለሥራ ማስኬጃ አጭር ብድር የሚወስድ ሰው በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ ማጣት የለበትም።

በስልክዎ ኤክሴል ካለ የራስዎን ቁጥር እያስገቡ ይሞክሩት። የመጀመሪያው መስመር ወርሃዊ ክፍያውን፣ ሁለተኛው ከ3 ዓመት በኋላ የሚቀረውን ዕዳ፣ ሦስተኛው ወለዱ ከተቀየረ በኋላ ያለውን ክፍያ ያሳያል።

```
=PMT(15%/12,180,-2000000)
=PV(15%/12,144,-27991.74)
=PMT(18%/12,144,-1865026)
```

ምርጫዎቹ አንድ በአንድ

*ሙሉ በሙሉ ቋሚ።* ጥቅሙ አንድ ነው፤ ግን ትልቅ ነው። የዛሬ 10 ዓመት የሚከፍሉትን ዛሬ ያውቁታል። ደመወዝ ከዓመት ዓመት ትንሽም ቢሆን ካደገ ክፍያው እየቀለለ ይሄዳል። ጉዳቱ ወለድ ሲወርድ የሚታይ ነው፤ ሌላው 24,000 ሲከፍል እርስዎ 30,780 ላይ ነዎት። ያኔ ወደ ሌላ ባንክ ለመዞር የቅድመ ክፍያ ቅጣት፣ የመያዣ ማንሳትና እንደገና የማስመዝገብ ወጪ አለ። የባንኩ ውል ላይ «ቋሚ» የሚለው ቃል በጽሑፍ ከሌለ ይህ ምርጫ በእጅዎ የለም።

ከወለድ ነፃ በሚባለው አገልግሎት ያለው ሙራባሃም በዚህ በኩል ከቋሚው ጋር ይመሳሰላል። ባንኩ ዕቃውን ወይም ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ ይሸጥልዎታል፤ ዋጋው በውሉ ቀን ይቆረጣል። በኋላ አይጨምርም። ቀድመው ቢከፍሉ ግን የትርፉ ቅናሽ መብትዎ መሆኑን ወይም በባንኩ በጎ ፈቃድ የሚሰጥ መሆኑን ይጠይቁ።

*ተለዋዋጭ፣ ክፍያው የሚስተካከልበት።* ከላይ ያሰላነው ይህ ነው። ሐቀኛ ዓይነት ነው፤ ወለዱ ሲቀየር ወዲያው ያመዎታል፣ ብድሩ ግን በቀኑ ያልቃል። እዚህ ጋ የሚበላሸው ነገር ትንሽ ትመስላለች። ክፍያው ከደመወዝ ሂሳብ በቋሚ ትእዛዝ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ባንኩ መጣኔውን ቀይሮ የሚቆረጠው ብር ግን የድሮው ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። በየወሩ 3,697 ብር ይጎድላል። እርስዎ በወቅቱ የከፈሉ ይመስልዎታል፤ በባንኩ መዝገብ ግን ውዝፍ አለብዎት፣ ውዝፉም የቅጣት ወለድ ይበላል።

*ተለዋዋጭ፣ ክፍያው ሳይነካ ጊዜው የሚራዘምበት።* ሰው በጣም የሚወደው ይህን ነው። «ክፍያዎ አይቀየርም፣ ጊዜው ትንሽ ይራዘማል» ይባላል። እስቲ «ትንሽ» የተባለውን እንየው።

ቀሪ ዕዳዎ 1,865,026 ብር ነው። 18 በመቶ ሲሆን የአንድ ወር ወለዱ 27,975 ብር ነው። እርስዎ የሚከፍሉት 27,992 ብር ነው። ከዚያ ሁሉ ብር ዋናውን የሚነካው 16 ብር ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ብድሩ ለማለቅ 500 ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ከ41 ዓመት በላይ። 12 ዓመት የቀረው ብድር ለልጅ የሚተርፍ ሆነ ማለት ነው። 18.5 ቢገባ ደግሞ የወሩ ወለድ 28,752 ብር ይሆናል። እየከፈሉ ዕዳው በየወሩ በ760 ብር ያድጋል።

አንዳንዱ ውል የማብቂያ ቀኑን አይነካም። ያኔ ያልተከፈለው ሁሉ ተጠራቅሞ መጨረሻው ላይ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ምልክቱን ለማየት የባንክ መግለጫዎን ይውሰዱና ከየወሩ ክፍያ ለዋናው የዋለውን የሚያሳየውን «ዋና» የሚለውን ዓምድ ብቻ ይመልከቱ። ከወር ወር ማደግ ያለበት እሱ ነው። ድንገት ከቀነሰ ወይም ዜሮ አካባቢ ከደረሰ ተነካክቷል።

*መጀመሪያ ቋሚ፣ ከዚያ ተለዋዋጭ።* ለምሳሌ 3 ዓመት በ16 በመቶ ተቆልፎ ከዚያ ወደ ገበያው የሚለቀቅ። ክፍያው 29,374 ብር ነው። ከላይ እንዳየነው ጭማሪ በጣም የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለሆነ፣ ይህ ዓይነት የሚሸፍነው ዋናውን አደጋ ነው። ግን 4ኛው ዓመት ላይ መጣኔው በምን እንደሚወሰን በቁጥር ወይም በቀመር ያልተጻፈ ከሆነ፣ ያገኙት 3 ዓመት ፋታ ብቻ ነው።

| ምርጫ | የመጀመሪያ ክፍያ (ብር) | በ4ኛው ዓመት 18% ቢገባ | በ4ኛው ዓመት 12% ቢወርድ | ዋና አደጋው |
|---|---|---|---|---|
| ቋሚ 17% | 30,780 | 30,780 | 30,780 | ወለድ ሲወርድ ተቆልፎ መቅረት |
| ተለዋዋጭ 15%፣ ክፍያው የሚስተካከል | 27,992 | 31,689 | 24,496 | ድንገተኛ ጭማሪ፣ ሳይታወቅ የሚጠራቀም ውዝፍ |
| ተለዋዋጭ 15%፣ ጊዜው የሚራዘም | 27,992 | 27,992፣ ግን 500 ወር ገደማ | 27,992፣ በ110 ወር ገደማ ያልቃል | ዕዳው አለማለቁ |
| 3 ዓመት ቋሚ 16%፣ ከዚያ ተለዋዋጭ | 29,374 | 31,875 | 24,639 | ከ3 ዓመት በኋላ ያለው ቀመር |

ለማን የትኛው?

የቤቱ ገቢ አንድ ደመወዝ ብቻ ከሆነና 31,689 ብር ሲከፈል የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሚነካ ከሆነ፣ ቋሚውን ይውሰዱ። በወር 2,788 ብር የሚከፍሉት ለዚያ እርግጠኝነት ነው። ቋሚ ከሌለ የብድሩን መጠን ይቀንሱ፤ በ18 በመቶ ሲሰላ የሚችሉትን ያህል ብቻ ይበደሩ።

ገቢዎ ሰፋ ያለ ከሆነ፣ ወይም በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ዕቁብ ሊወጣልዎት፣ መሬት ወይም መኪና ሊሸጡ ካሰቡ፣ ተለዋዋጩ ይሻላል። ቅድመ ሁኔታው ቀድሞ መክፈል ያለ ቅጣት መፈቀዱ ነው።

መሐል ላለው ሰው እኔ ራሴ የምወደው አንድ መንገድ አለ። ተለዋዋጩን ይውሰዱ፤ ግን ቋሚውን የወሰዱ አስመስለው ይኑሩ። በየወሩ የተረፈችውን 2,788 ብር ለብቻዋ ሂሳብ ውስጥ ያስቀምጡ። በ3 ዓመት 100,368 ብር ትሆናለች፤ ይህ ወለዷን ሳንቆጥር ነው። ወለዱ 18 ሲገባ ያንን ገንዘብ ለዋናው ይክፈሉት። አዲሱ ክፍያ ከ31,689 ወደ 29,984 ብር ይወርዳል። ከቋሚውም በታች ነው። ወለዱ ካልጨመረ ደግሞ ገንዘቡ የእርስዎ ነው። ችግሩ ስሌቱ ላይ አይደለም። ያቺን ብር ለበዓልና ለሠርግ ሳይነኩ ማቆየቱ ላይ ነው። አልችልም ካሉ ቋሚው ይሻልዎታል፤ ይህ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ ያላችሁ የ30 ዓመት ቋሚ የቤት ብድር ማግኘታችሁ ትልቅ ዕድል ነው። ወለድ ሲወርድ እንደገና መበደር ይቻላል፤ ሲወጣ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ተለዋዋጩም እዚያ ጣሪያ አለው። የተለመደው 5 ዓመት ቋሚ ሆኖ ከዚያ በየ6 ወሩ የሚስተካከለው ነው። ውሉ ላይ 2/1/5 ተብሎ ከተጻፈ፣ በመጀመሪያው ማስተካከያ ከ2፣ በየተከታዩ ከ1፣ በጠቅላላው ደግሞ ከመነሻው ከ5 በላይ መውጣት አይችልም። መነሻው 6 ከሆነ የመጨረሻው ክፉ ቁጥር 11 ነው። በ11 ማሰብና በ11 መክፈል ትችሉ እንደሆነ ማየት ነው።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ፕራይም የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ ሲደመር 1.5። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ የማዕከላዊ ባንኩ ወለድ 0.1 ነበር፤ በግንቦት 2023 4.75 ደረሰ። በአንድ ዓመት ገደማ ፕራይም ከ1.6 ወደ 6.25 ሄደ ማለት ነው። ከ2021 ወዲህ ቢያንስ ሲሶው ቋሚ እንዲሆን የሚያዘው ደንብ ይህንን ድንጋጤ ያለዝባል። ከሲሶው በላይ ቋሚ ማድረግ ግን የእናንተ ምርጫ ነው።

ከመፈረም በፊት ባንኩ ጠረጴዛ ላይ

የአክስቴ ልጅ ብዕሩን አስቀመጠችና ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠየቀች። ወለዱ ሲቀየር ስንት ቀን ቀድማ ደብዳቤ እንደሚደርሳት፤ በተቀየረ ቁጥር አዲስ የክፍያ ሰንጠረዥ እንደሚሰጣት፤ የሚቀየረው ክፍያው ነው ወይስ ጊዜው የሚለው። ጣሪያም ጠየቀች፤ እሱን አልሰጧትም። ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት እንደሌለ ግን በእጅ ጽሑፍ ተጨምሮ ማኅተም ተመታበት። ተለዋዋጩን ፈረመች። በወጣን በሳምንቱ በስሟ ሌላ የቁጠባ ሂሳብ ከፈተች፤ በየወሩ በ5ኛው ቀን ከደመወዟ 2,800 ብር ወደዚያ ይሄዳል።